ከ1/3 እና ከ1/4 የቱ ይበልጣል?
በጥቁር ሰሌዳና በጠመኔ ብቻ የሚሰጥ የ40 ደቂቃ የክፍልፋይ ትምህርት

በዚህ እትም በሒሳብ ዓምዳችን የማቀርብላችሁ አንድ የዕለት የትምህርት ዕቅድ ነው። መምህራን ባልደረቦቼ ወስደው ሊሠሩበት ይችላሉ። እናንተ ተማሪዎች ደግሞ “ዕቅድ የመምህር ነው፤ እኛን ምን አገባን?” እንዳትሉ። በውስጡ ያለው ጥያቄ የእናንተ ነው፤ መጨረሻ ላይም የምትሠሩት ጥያቄ አስቀምጫለሁ።

ጥያቄው እንዲህ ነው። ሰሌዳ ላይ 1/3 እና 1/4 ተጽፈዋል። የቱ ይበልጣል? በ4ኛ ክፍል ይህን ስጠይቅ “1/4!” የሚለው ድምፅ ብዙ ጊዜ ይጎላል። ልጆቹ ሳያስቡ ቀርተው አይደለም። ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ 4 ከ3 እንደሚበልጥ ተምረዋል፤ የተማሩትን ይዘው ነው የመጡት። ክፍልፋይ ላይ ግን ታህቱ፣ ማለትም ከሰረዙ ሥር ያለው ቁጥር፣ የሚናገረው ሙሉው ነገር ለስንት እኩል ቦታ እንደተከፈለ ነው። አንድ እንጀራ ለ4 ሰው ሲካፈል ለ3 ሰው ከሚካፈለው ያነሰ ይደርሳል።

ይህ ስሕተት የልጆች ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ኤ ኤንድ ደብሊው የሚባል የምግብ ቤት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ 1/3 ፓውንድ ሥጋ ያለበት በርገር ለገበያ አቅርቦ ነበር። ተፎካካሪው ማክዶናልድስ የሚሸጠው 1/4 ፓውንድ ነው። የድርጅቱ ባለቤት የነበረው አልፍሬድ ታውብማን በኋላ በመጽሐፉ እንደተረከው፣ ገዢዎች ሲጠየቁ “ለምን ለ1/3 ከ1/4 እኩል እንከፍላለን?” አሉ። 3 ከ4 ስለሚያንስ ሥጋው ያነሰ መስሏቸው ነው!

እኛ ጋ ስሕተቱ በ4ኛ ክፍል ካልታረመ 5ኛ ክፍል ላይ ሌላ ስሕተት ይወልዳል። ተማሪው 1/2 + 1/3 ሲባል ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ይደምርና 2/5 ይላል። 2/5 እኮ ከግማሽ ያነሰ ነው። ግማሽ እንጀራ ላይ ሲሶ ተጨምሮበት እንዴት ከግማሽ ያነሰ ይሆናል? የክፍልፋይ መጠን በዓይኑ ያልታየው ልጅ ይህን ጥያቄ ራሱን አይጠይቅም። ስለዚህ ይህቺን አንድ ክፍለ ጊዜ በደንብ ማቀድ ያስፈልጋል።

ዓላማው አንድ ብቻ ይሁን

ክፍሉ 60 ተማሪ አለው እንበል። በአምቦም ሆነ በጉደር፣ በጊንጪ ወይም በጌዶ ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ ቁጥር አዲስ ነገር አይደለም። ከ60ዎቹ አንዳንዶቹ እስከ 12 ይቆጥራሉ፤ ማካፈል ግን ገና ይቸግራቸዋል። ብዙዎቹ 12ን ለ3 ማካፈል ይችላሉ፤ ክፍልፋይ ሲባል ግን ግራ ይገባቸዋል። ጥቂቶቹ ደግሞ ጥያቄው ተጽፎ ሳያልቅ እጃቸውን ያወጣሉ። የትምህርት መርጃ መሣሪያ በሚለው የዕቅዱ ቦታ ላይ የምንጽፈው “ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ” ብቻ ነው።

ለሦስቱ ዓይነት ተማሪ ሦስት ትምህርት ማዘጋጀት በ40 ደቂቃ አይሆንም። የሚቻለው አንድ ሥዕል ሠርቶ ሁሉንም በዚያው ላይ ማሠራት ነው፤ አንዱ ይቆጥርበታል፣ ሌላው ያካፍልበታል፣ ሌላው ሥዕሉ ላይ ስለሌለው ይገምትበታል። የዕለቱን ዓላማ እንዲህ እጽፈዋለሁ፦ “ተማሪዎች ላዕላቸው 1 ከሆነ ሁለት ክፍልፋዮች የትኛው እንደሚበልጥ ከነምክንያቱ ይናገራሉ።” መደመር የለም፤ ማቃለል የለም። “ከነምክንያቱ” የሚለው ቃል ግን እንዳይወጣ። ለምን እንደሆነ በኋላ ታያላችሁ።

ሰሌዳው እንዴት ይዘጋጃል?

ሰሌዳውን በሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮች ለሦስት እከፍላለሁ። ግራው የሥዕል ነው፤ ደወል እስኪደወል ዳስተር አይነካውም። መሐሉ መሥሪያ ነው፤ ይጻፍበታል፣ ይጠፋል። ቀኙ የጥያቄ ቦታ ነው።

ለሥዕሉ ክብ አልመርጥም። እንጀራና ዳቦ ክብ ስለሆኑ ክብ መሳል ያምራል፤ ነገር ግን ክብን በእጅ ለ3 እኩል መክፈል ከባድ ነው። ቁራሾቹ እኩል ካልሆኑ ሥዕሉ ራሱ ያሳስታል። ረጅም ሳጥን ይሻላል። ማስመሪያ ከሌለ በምን እንለካው? በጠመኔው። አዲስ ጠመኔ ወደ 8 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። አንዱን አዲስ ጠመኔ ለመለኪያ ብቻ አስቀምጠዋለሁ፤ ከጻፍኩበት ያጥራል፤ ካጠረ ደግሞ ልኩ ይዛባል።

የሳጥኑ ርዝመት 12 ጠመኔ ይሁን፤ ወደ 1 ሜትር ማለት ነው። 12 የተመረጠው ለ2፣ ለ3፣ ለ4 እና ለ6 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል ነው። እኩል የሆኑ አራት ሳጥኖች፣ የግራ ጫፋቸው ተስተካክሎ፣ አንዱ ከሌላው ሥር ይሳላሉ። የመጀመሪያው በየ6 ጠመኔ ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ክፍል 1/2 ነው። ሁለተኛው በየ4 ጠመኔ፣ 1/3። ሦስተኛው በየ3 ጠመኔ፣ 1/4። አራተኛው በየ2 ጠመኔ፣ 1/6። በእያንዳንዱ ሳጥን የመጀመሪያው ክፍል በጠመኔ ይቀባል። የተቀባው እየወረደ ሲሄድ እንደ ደረጃ እያጠረ ይመጣል። ይህ ደረጃ ከኋላ ወንበር ሆኖም በግልጽ መታየት አለበት፤ ስለዚህ ሳጥኑም ቁጥሩም ቁመታቸው ከአንድ ጠመኔ ባያንስ ጥሩ ነው።

40ው ደቂቃ እንዴት ይከፈላል?

ክፍለ ጊዜው ራሱ ክፍልፋይ ነው። 40 ደቂቃን ለ8 ብንከፍለው አንዱ ክፍል 5 ደቂቃ ይሆናል። ዕቅዱም በዚሁ ይሄዳል።

የመጀመሪያው 1/8 (5 ደቂቃ) የድምፅ መስጫ ነው። 1/3 እና 1/4 እጽፋለሁ። ተማሪዎች ግንባራቸውን ዴስክ ላይ አድርገው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። የመጀመሪያው ይበልጣል የሚል አንድ ጣት፣ ሁለተኛው ይበልጣል የሚል ሁለት ጣት፣ እኩል ናቸው የሚል ጡጫ ያወጣል። ዓይን የሚጨፈነው ጎበዝ የተባለውን ልጅ አይቶ መገልበጥ እንዳይኖር ነው። ሁሉንም መቁጠር ጊዜ ስለሚወስድ ሁለት ጣት ያወጡትን ብቻ እቆጥራለሁ። 34 ሆኑ እንበል። 34ን ሰሌዳው ጥግ ላይ ጽፌ እተወዋለሁ። ትክክል ነው፣ ስሕተት ነው አልልም። መልሱን አሁን ከተናገርኩ ቀሪው 35 ደቂቃ ትርጉም ያጣል።

ቀጥሎ ያለው 2/8 (10 ደቂቃ) የሥዕሉ ነው። ባዶ ሳጥኖቹን እኔ እስላለሁ፤ መክፈሉን ግን ተማሪዎች ያደርጉታል። መቁጠር እንጂ ማካፈል የሚቸግረውን ልጅ ጠርቼ “በዚህ ጠመኔ እየለካህ በየ3 ምልክት አድርግ” እለዋለሁ። ሥራው መቁጠር ብቻ ስለሆነ ይችላል፤ ደግሞም ሙሉው ክፍል የሚጠቀምበትን ሥዕል የሠራው እሱ ይሆናል። ከመለካቱ በፊት ፈጣኖቹን “12 ለ4 ሲከፈል በየስንት ጠመኔ ምልክት የሚያደርግ ይመስላችኋል?” ብዬ አስገምታለሁ። የተቀመጡት በደብተራቸው ይሠራሉ። ለዚህም ዘዴ አለ፦ ባለመስመር ደብተር ወደ ጎን ሲዞር መስመሮቹ ይቆማሉ፤ እርስ በርስም እኩል ተራርቀዋል። በመስመሮቹ መካከል 12 ክፍተት ቆጥሮ ሳጥን መሥራት ያለ ማስመሪያ ይቻላል። ደብተር ያልያዘ ልጅ ከጎኑ ካለው ጋር አብሮ ይሠራል።

ስም መስጠትም እዚሁ ላይ ነው። ግማሽ ሁሉም ያውቀዋል፤ በኦሮምኛም ወለካ ነው። ኩርማን እንጀራ ሲባል እናት ቤት ያልሰማ ልጅ የለም፤ ኩርማን ማለት ሩብ፣ 1/4 ነው። በኦሮምኛም ኩርማና ይባላል። ሲሶን ብዙ ልጆች አያውቁትም፤ 1/3 መሆኑን አያቶቻቸውን ጠይቀው ማረጋገጥ ይችላሉ። ልጁ ኩርማንን በእጁ ያውቀዋል፤ 1/4 የሚለው ጽሑፍ ያው ኩርማን መሆኑን ነው ማየት ያለበት።

ከዚያ 3/8 (15 ደቂቃ) የሥራ ጊዜ ነው። በቀኙ ሰሌዳ ላይ ሦስት ደረጃ ጥያቄ እጽፋለሁ። ሁሉም ከደረጃ 1 ይጀምራል፤ የጨረሰ ወደሚቀጥለው ያልፋል። “አንተ ደካማ ነህ፤ ይህን ሥራ” የሚባል ልጅ የለም።

ደረጃ 1። ሥዕሉን አይታችሁ መልሱ፦ 1/2 ወይስ 1/6? 1/3 ወይስ 1/4?
ደረጃ 2። ሥዕሉ ላይ የሌለ ነው፦ 1/5 ወይስ 1/9? 1/10 ወይስ 1/7? ለምን?
ደረጃ 3። ከአምቦ ጉደር 12 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሁለት ሰዎች ከአምቦ በእግራቸው ተነሡ። አንዱ የመንገዱን 2/3፣ ሌላው 3/4 ሄዶ አረፈ። ለጉደር የቀረበው ማን ነው? በስንት ኪሎ ሜትር?

ደረጃ 3 ከዓላማው ትንሽ ወጣ ይላል፤ ለፈጣኖቹ ነው። ነገር ግን የሚሠራው በዚያው በ12 ጠመኔ ሳጥን ነው፤ አንድ ጠመኔ አንድ ኪሎ ሜትር ነው ብሎ ማሰብ ይበቃል። አንድ ሦስተኛው 4 ስለሆነ 2/3 ማለት 8 ኪሎ ሜትር ነው። ሩቡ 3 ስለሆነ 3/4 ማለት 9 ኪሎ ሜትር ነው። 3/4 የሄደው በ1 ኪሎ ሜትር ይቀድማል።

በነዚህ 15 ደቂቃዎች መምህር አይቀመጥም። ዙሩንም ከኋላ ወንበር ይጀምራል፤ ከፊት ከጀመረ ፊት ያሉት ጥያቄ ሲያበዙበት ጊዜው እዚያው ያልቃል። ፈጥኖ የጨረሰ ልጅ ጎረቤቱን ቢረዳ ጥሩ ነው፤ መልሱን መንገር ግን አልፈቅድም። “ለስንት ሰው ነው የተከፈለው?” ብሎ መጠየቅ ብቻ ይችላል።

ቀጥሎ 1/8 (5 ደቂቃ) የውይይት ነው። ከየደረጃው አንድ ልጅ መልሱን ከነምክንያቱ ይናገራል፤ ከደረጃ 1 እንጀምራለን። የምጠብቀው ምክንያት “ለብዙ ሰው ሲካፈል ለአንዱ የሚደርሰው ያንሳል” የሚል ነው፤ በልጁ አነጋገር ይሁን፣ በኦሮምኛም ቢሆን ችግር የለም።

የመጨረሻው 1/8 (5 ደቂቃ) ሁለተኛው ድምፅ ነው። “ገባችሁ?” ብሎ መጠየቅ ምንም አይነግረንም። “አዎ!” ይላሉ በአንድ ድምፅ፤ ያልገባውም አብሮ ይላል። ስለዚህ ዓይን ተጨፍኖ ሥዕሉ ላይ ያልነበረ ጥንድ ይጠየቃል፦ አንደኛ 1/8፣ ሁለተኛ 1/6። አሁን ትክክለኛው ሁለተኛው ነው፤ ስለዚህ አንድ ጣት ያወጡትን እቆጥራለሁ። መጀመሪያ 34 ከነበረ አሁን 9 ቢሆን ትምህርቱ ሠርቷል ማለት ነው፤ 9ኙ የት የት እንደተቀመጡ ይዤ ነገ ከነሱ ጋር እጀምራለሁ። 25 ከሆነ ግን ነገ አዲስ ትምህርት የለም፤ እንደገና ወደ ሳጥኑ ነው።

የሚታዩ ሦስት ስሕተቶች

ደብተር ሲታይ ሦስት ዓይነት ስሕተት ይገኛል፤ መፍትሔያቸውም ይለያያል።

አንደኛው 1/9 ከ1/5 ይበልጣል ያለው ልጅ ነው። 9ን እንደ ሙሉ ቁጥር እያነበበ ነው። “ስሕተት” ከማለት ይልቅ “አንድ ዳቦ ለ9 ሰው እና ለ5 ሰው ተካፈለ፤ አንተ የትኛው ቡድን ውስጥ ብትሆን ይሻልሃል?” ብለው ቢጠይቁት ራሱ ያርመዋል።

ሁለተኛው ሳጥኖቹን እኩል ሳያደርግ የሳለው ልጅ ነው። የ1/4 ሳጥኑ ረጅም፣ የ1/3 ሳጥኑ አጭር ሆኖ “ይኸው 1/4 በለጠ” ይላል። ካየው አንጻር አልተሳሳተም። የትልቅ እንጀራ ኩርማን ከትንሽ እንጀራ ሲሶ ሊበልጥ ይችላል! ልጁ ማወቅ ያለበት ክፍልፋዮች የሚወዳደሩት ሙሉው ነገር እኩል ሲሆን መሆኑን ነው። የሳጥኖቹ ጫፍና ጫፍ ይስተካከል የተባለው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ለማየት የሚያስቸግረው ነው፤ ምክንያቱም የሚሳሳተው ጎበዝ ልጅ ነው። ደረጃ 1ንና 2ን በትክክል ሠርቶ ደረጃ 3 ላይ 2/3 ከ3/4 ይበልጣል ይላል። ለምን ሲባል “ታህቱ ትልቅ ከሆነ ያንሳል” ይላል። ይህ ሕግ የሚሠራው ላዕሎቹ እኩል ሲሆኑ ብቻ ነው። 3/4 ውስጥ ቁራሾቹ ያነሱ ናቸው፣ ግን የተወሰዱት ሦስት ናቸው። ልጁ ሕጉን ያዘ እንጂ ምክንያቱን አልያዘም። “ከነምክንያቱ” የሚለው ቃል ከዓላማው እንዳይወጣ ያልኩት፣ ሕጉንም ሰሌዳ ላይ ቀድሜ የማልጽፈው ለዚህ ነው። ተማሪዎቹ ከሥዕሉ አይተው ራሳቸው ሲሉት ግን ከጎኑ “ላዕሎቹ እኩል ሲሆኑ” ተብሎ ይጻፋል።

ጊዜ ቢያጥርስ?

ስም ጥሪ አለ፤ ሰልፍ ይረዝማል፤ 40ው ደቂቃ 32 ሆኖ ሊጀመር ይችላል። ያን ጊዜ የሚቆረጠው ደረጃ 3 እና ከውይይቱ ግማሹ ነው። ደረጃ 3ን ፈጣኖቹ እቤታቸው ይሠሩታል። ሁለቱ የድምፅ መስጫዎች ግን አይነኩም። የመጀመሪያው ከቀረ ከየት እንደተነሣን፣ የመጨረሻው ከቀረ የት እንደደረስን አናውቅም።

ሌላው ጊዜ የሚበላው መገልበጥ ነው። ሰሌዳ ላይ ረጅም ማስታወሻ ከተጻፈ ቀስ ብሎ የሚጽፈው ልጅ 15ቱን ደቂቃ ሙሉ ሲገለብጥ ይጨርሰዋል። ጥያቄዎቹን ባጭሩ “1/5 __ 1/9” ብሎ መጻፍ ይበቃል።

ይህ ዕቅድ የማይሠራው ነገርም አለ። የ12 ጠመኔ ሳጥን ለ5 እና ለ7 በእኩል አይከፈልም። ስለዚህ 1/5ን በሥዕል ማሳየት የፈለገ መምህር የሳጥኑን ርዝመት 10 ወይም 15 ጠመኔ ማድረግ አለበት። የተለያየ ታህት ያላቸውን መደመርም ገና ነው፤ ግን 12 ጠመኔው ለዚያም በሩን ይከፍታል፤ 1/3 አራት ጠመኔ፣ 1/4 ሦስት ጠመኔ ከሆነ ሁለቱ አንድ ላይ ከ12 ስንት ይሆናሉ?

እንግዲህ ተማሪዎች፣ የእናንተ ተራ ነው።

1. ለ3ኛና ለ4ኛ ክፍል፦ ደብተራችሁን ወደ ጎን አዙራችሁ የ12 ክፍተት ሳጥን ሥሩ። 1/12 እና 1/6 ቀቡ። የቱ ይበልጣል? በስንት እጥፍ?
2. ለ5ኛና ለ6ኛ ክፍል፦ 5/6 እና 3/4 የቱ ይበልጣል? በ12 ሳጥን አሳዩ።
3. ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል፦ ከ1/4 የሚበልጥ፣ ከ1/3 ግን የሚያንስ ክፍልፋይ ፈልጉ። አለ? ከአንድ በላይስ?

መልሳችሁን ከነምክንያቱ በግማሽ ገጽ ወረቀት ጽፋችሁ ለሚኒ ሚዲያ ክበብ ተጠሪዎች ስጡ። ለምን እንደሆነ በግልጽ ያስረዱት መልሶች በሚቀጥለው እትም ከነክፍላቸው ይወጣሉ። መምህራንም ዕቅዱን ክፍል ውስጥ ሞክራችሁ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ድምፅ ስንት ስንት እንደሆነ ብትነግሩኝ በዚሁ ዓምድ ላይ እናወዳድረዋለን። ቸር ሰንብቱ!